የኢኮኖሚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የ2,400 ብሩ ጉዳይ

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፤ ፈተና ሲደራረብ ግን የተቋረጡ ነበሩ። ቃለ ጉባኤው ስላለ ወደ ዋናው ልግባ።

አዲስ የገቡት የዘጠነኛ ክፍል አባላት እጥረት ሲባል ዘይት ከሱቅ መጥፋቱ ይመስላቸው ነበር። ያ ግን ዘይቱ ሲገባ ያልፋል። የኢኮኖሚክስ መነሻ የሆነው እጥረት አያልፍም፤ ያለን ነገር ለብዙ ጉዳይ ሊውል እየቻለ ለሁሉም አይዳረስም። ሀብታሙም ቢሆን ቀኑ 24 ሰዓት ነው።

ትምህርቱን ያገኘነው ከራሳችን ካዝና ነው። ከአባላት መዋጮ የተጠራቀመው 2,400 ብር ነበር። የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይጨርሱታል፦ ከደሴ እስከ ሐይቅ ደርሶ መልስ የሚኒባስ ኪራይ፣ የማጣቀሻ መጻሕፍት፣ ካልኩሌተሮች። በድምፅ ብልጫ ጉዞው አንደኛ፣ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ወጡ።

«ታዲያ ጉዞው ምን አስከፈለን?» ስንል አንዱ «2,400 ብር» አለ፤ ሌላው «መጻሕፍቱንም ካልኩሌተሩንም» ብሎ ደመረ። ድምሩ የማይሆነው በአንድ 2,400 ብር ሁለቱንም መግዛት ስለማይቻል ነው። በገንዘቡ በኩል የጉዞው እውነተኛ ዋጋ ከቀሩት መካከል የሚሻለው፣ ማለትም መጻሕፍቱ ብቻ ናቸው። ገንዘቡ «ለጉዞ ብቻ» ተብሎ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ግን ሄድንም ቀረን መጻሕፍቱን ስለማናገኛቸው ዋጋ ተብለው አይቆጠሩም ነበር። ከገንዘቡ ሌላ የሄድንበት ቅዳሜም አለ። ቤቱ ሊያጠና ይችል የነበረው ልጅ ያለፈው ጥናቱ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ የምትሸጠው ልጅ ግን የቀኑን ትርፍ ትታ ነው የመጣችው። ጉዞው አንድ፣ የከፈሉት ግን ለየብቻ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼው ውሃው ሞልቶ የለ? እዚህ ምን እጥረት አለ?» አለች። መልሱን የሰጧት ሽንኩርት የሚያጠጡ አባት ናቸው፦ «ልጄ፣ ውሃውስ ሞልቷል፤ ሞተሩ አንድ ነው።» ጠዋቱን ሽንኩርቱ ላይ ካዋሉት ቲማቲሙ ይጠብቃል፤ ነዳጁም እንደዚያው። ልጅቷ ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዲያው የሽንኩርቱ ውሃ ዋጋ የቲማቲሙ ውሃ ነው» አለች። ይህን ከሰማን በኋላ የሚኒባሱ ኪራይ ቆጨኝ ያለ ሰው አልነበረም።

«በዚህ ገንዘብ መጽሐፍ አይገዛም ነበር?» ያላችሁን ባልደረቦች ልክ ናችሁ፤ የከፈልነው እሱኑ ነው፣ አውቀን። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ወመተህ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲይዝ ግን ለክበባችን ቢያንስ የመጻሕፍቱን ያህል እንዲመድብልን፣ ሲመድብም «ለዚህ ብቻ» ብሎ እንዳያስረው እንጠይቃለን። ምርጫውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉታል።