በሰሌን ልክ ለሚሠራ ስፖርት አንድ ደስጣ ወረቀት

የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየምና የአካባቢው ጎረቤቶች፣

ክረምቱ ሊገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሜዳውም ጭቃ ይሆናል። የሰውነት ማጎልመሻ የማስተምራቸው 60 የ5ኛ ክፍል ልጆች ቤት ሊውሉ ነው። ቤት ስል ለብዙዎቹ አንድ ክፍል ነው። አልጋውና ቡፌው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚተርፈው ሰሌን መዘርጊያ ብቻ ነው። በዚያችው ቦታ የሚሠራ ስፖርት በወረቀት እያዘጋጀን ነው።

አምና ሞክረነው ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ገመድ ዝላይ አስገባን። በሁለተኛው ቀን ከታች ያሉ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ፤ እውነታቸውን ነው። ፎቶዎቹም ፎቶኮፒ ሲደረጉ ጠቁረው እጅና እግር አይለይም ነበር። ዘንድሮ ዝላይ የለም፤ ሥዕሉም በመስመር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ወረቀት 3 አራት ሥራ አለው፦ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ጉልበት እያነሱ በቦታ መራመድ። እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ይሠራል፣ 30 ሰከንድ ይታረፋል። ሦስት ዙር ሲሆን 12 ደቂቃ ነው። ሰዓት የሌለው ልጅ ቀስ ብሎ እስከ 30 ይቆጥራል።

አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ሊሾ ላይ በካልሲ ስትሠራ አንሸራተታት። ቁጢጥ ስትልም ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ስለዚህ አሁን «በባዶ እግር» የሚል ጨመርን። ተረከዝ ከመሬት አይነሳም። ቁልቁል ሲያዩ አውራ ጣት በጉልበት ከተሸፈነ ጉልበቱ ገብቷል ማለት ነው። ልክ የሆነው ድካም ማውራት እየቻሉ መዝፈን ሲያቅት ነው። ማውራትም ካቃተ ይቀንሱ። ከሰል ምድጃ ካለ ቀድሞ ይወጣል።

ስልኩ ብዙ ጊዜ የአባት ነው፤ ጠዋት አብሮ ሥራ ይሄዳል። አምና ረፋድ ላይ የላክነው መልእክት ልጁ ጋ የሚደርሰው ማታ ነበር። ዘንድሮ ዋዜማውን ማታ 2 ሰዓት እንልካለን። አንድ የአማርኛ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ ዝርዝሩ ወረቀቱ ላይ ሆኖ መልእክቱ ይህን ብቻ ይላል፦ «ነገ ወረቀት 3፣ 3 ዙር። በባዶ እግር። ምድጃ ይውጣ።»

የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። ለ60 ልጅ በሳምንት አንድ ወረቀት፣ ለ8 ሳምንት 480 ቅጠል ነው። 500 ቅጠል ያለው አንድ ደስጣ ይበቃናል፤ ለሚበላሸውም 20 ይተርፋል። ፎቶኮፒ ማሽን ያላችሁ ማተሙን ብትችሉልን ትልቁ ወጪ ቀረልን። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለምንልከው መልእክት የካርድ እርዳታ እንፈልጋለን። በመስመር መሣል የሚችል ወጣት ካለም ሁለት ቅዳሜ ይስጠን፤ የእኔ ሥዕል ልጆቹን አስቋቸዋል።

የምትሰጡትን ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረቀቱ እስከ ሰኔ 25 ከደረሰን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወረቀቶች በልጆቹ እጅ እንሰጣለን።