መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ ሐይቅ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጅዳ ሙቀቱ በርትቷል፣ ሥራው ግን እንደ ድሮው ነው። ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ ናትና ዐረብኛው ላይ ስትደርስ ቀስ እንድትል ንገሪያት። ታናሼም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ።

የታናሼ የዱባይ ቪዛ መውጣቱን ስሰማ መጀመሪያ የታየኝ የባቲ ገበያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሰኞ ነበር፣ አንቺ እህል ልሸጥ ወደ ሐይቅ ገበያ የሄድኩ መስሎሽ ነበር፤ እኔ ግን ባቲ ግመል በሚሸጥበት ሜዳ ዳር ከደላላው ሰው ጋር ቆሜ ነበር። ማንንም አልተሰናበትኩም። ማታ በጭነት መኪናው ላይ ሸራ ሲያለብሱን የመንገደኛ ዱዓ ልል ፈልጌ «ሱብሓነለዚ ሰኸረ ለና ሃዛ» ካልኩ በኋላ ቀሪው ጠፋኝ። እሷኑ እየደጋገምኩ በአፋር በረሃ አለፍኩ። ኦቦክ ላይ ጀልባ ሲያስገቡን አንድ የራያ ልጅ ኑሕ መርከባቸው ላይ ያሉትን «ቢስሚላሂ መጅሬሃ ወሙርሳሃ» ብሎ ሲጀምር ሁላችንም ተከተልነው። መሄዷም መቆሟም በአላህ ስም ነው ማለት ነው።

ቀሪውን እዚህ ተማርኩት፣ ከቦረና የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው ቃል በቃል ያስያዙኝ። ያኔ ነው የጎደለኝ የገባኝ። ሳልሰናበት በመውጣቴ እናንተም እኔም ልንለው የሚገባንን ሳንለው ቀርተናል። ታናሼ ላይ ይህ እንዳይደገም ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ስንብቱ ሁለት ወገን አለው። ሂያጁ ለሚቀሩት «አስተውዲዑኩሙላሀ ለዚ ላ ተዲዑ ወዳኢዑሁ» ይላል፤ አደራ የተሰጠው ነገር በማይጠፋበት አላህ ዘንድ አደራ አስቀመጥኳችሁ ማለት ነው። የሚቀረው ሰው ደግሞ የሂያጁን እጅ ይዞ «አስተውዲዑላሀ ዲነከ ወአማነተከ ወኸዋቲመ ዐመሊክ» ይለዋል። ነቢዩ ﷺ ሰው ሲሸኙ እጁን ይይዙ ነበር፣ ሰውየው እራሱ ካልለቀቀ አይለቁትም ነበር ተብሎ ተወርቷል። እማዬ፣ አንቺም እንደዚያ ያዢው። እጁን ስትይዢ የመጀመሪያው አደራ ሃይማኖቱ ነው፤ የሚያውቀው ሰው በሌለበት አገር ሶላቱን የሚያስታውሰው የለምና። ሁለተኛው አማናው ነው፤ ዑለማዎች ይህን ትቶት የሚሄደው ቤተሰቡና ንብረቱ ነው ብለው ይፈቱታል። ሦስተኛው የሥራው መጨረሻ ነው፤ መንገደኛ ሳይመለስ ሊቀር ይችላልና መጨረሻው ያማረ ይሁን ማለት ነው። ይህን ስትሰሚ አትደንግጪ። ሞት እንዲመጣ የሚጠራ ቃል አይደለም፣ ቢመጣም እንኳን ልጅሽ በመልካም ሥራ ላይ እንዲገኝ የሚለምን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሐቁን ያጥራ። የተበደረውን ይክፈል፣ መክፈል ካልቻለ ለማን ስንት እንዳለበት እህቴን ያስጽፋት። የተቀየመው ሰው ካለ ሄዶ አውፍታ ይጠይቅ። እኔ የሱቁን ባለቤት ብድር ሳልከፍል ነው የወጣሁት፣ አባባ እንደከፈለልኝ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ማታ ዱዓ ይደረግለታል ብላችሁኛል፣ ደስ ብሎኛል። ጎረቤቱ ይሰብሰብ፣ እጣኑ ይጨስ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይፈላ። ጫቱን በተመለከተ አሁን ብዙ ሰው እንደሚቃወም አውቃለሁ፣ እኔም ባይኖር ይሻላል ከሚሉት ነኝ፤ ሽማግሎቹን ግን በዚህ ምክንያት አታስቀሪ። አባጋሩ በአማርኛ የሚመርቁትን ቃል እኔ እንደ ተራ ነገር ስሰማው ኖሬ፣ ዐረብኛውን ከተማርኩ በኋላ ነው ያደመጥኩት። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት» ይላሉ፣ ቤቱ ሁሉ «አሚን!» ይላል። ዱዓው ውስጥ ደግሞ «አላሁመ ሀዊን ዐለይና ሰፈረና ሃዛ፣ ወጥዊ ዐና ቡዕደሁ» የሚል አለ። ጉዟችንን አግራልን፣ ርቀቱንም እጠፍልን ማለት ነው። «ጥዊ» የሚለው ቃል አንቺ ነጠላሽን ስታጥፊ የምታደርጊውን ነው የሚናገረው። ረጅሙ መንገድ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ ዳርና ዳሩ እንዲገናኝ ነው የሚለመነው። የእኛ ሽማግሎች ጨርቅ ሲሉ ለእግር መለስለሱን፣ ዐረብኛው ደግሞ መታጠፉን ያያል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምላቸው።

አሁን ታናሼ የሚለውን ልንገረው። ከቤት ደጃፍ ሲወጣ «ቢስሚላህ፣ ተወከልቱ ዐለላህ፣ ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ይበል። ደሴ መነኸሪያ አውቶቡሱ ላይ ሲሳፈር ቢስሚላህ ይበል፣ ሲቀመጥ አልሐምዱሊላህ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ አላሁ አክበር ብሎ ይህን ይቀጥል፦ «ሱብሓነለዚ ሰኸረ ለና ሃዛ ወማ ኩና ለሁ ሙቅሪኒን፣ ወኢና ኢላ ረቢና ለሙንቀሊቡን»። ይህ ከቁርኣን ሱረቱ ዙኽሩፍ፣ አንቀጽ 13 እና 14 ነው። ይህን የገራልን ጥራት ይገባው፣ እኛ በጉልበታችን የምንችለው አልነበረም፣ ወደ ጌታችንም ተመላሾች ነን ይላል። የተነገረው ስለ መርከብና ስለ እንስሳ ነው፣ ለመኪናውም ለአውሮፕላኑም ያው ነው። ብዙ መንገደኛ መጀመሪያዋን ብሎ ያቆማል፣ እኔም በባቲ እንደዚያ ነበርኩ። የመጨረሻዋ ግን አትቀር፤ ሰውየው ከደሴ አዲስ አበባ ልሄድ ነው ሲል ትልቁን መመለስ አብሮ ያስታውሰዋል።

ቀጥሎ ዱዓው ራሱ ይመጣል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ከነቢዩ ﷺ ሰምተው ያስተላለፉት ነው፣ ሙስሊም መዝግበውታል። የመጀመሪያው ልመና ከአደጋ ጠብቀኝ የሚል አይደለም። «በዚህ ጉዟችን በጎነትንና ተቅዋን፣ ከሥራም የምትወደውን እንለምንሃለን» ይላል። እማዬ፣ እኔ ቃሉን ባውቀው እንኳን ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ ልለው አልችልም ነበር። እናቴን ዋሽቼ፣ ነፍሴን ለደላላ ሰጥቼ በወጣሁበት መንገድ የምትወደውን ሥራ ስጠኝ ማለት ከባድ ነው። ታናሼ በፓስፖርቱ፣ በምርቃትሽ ስለሚወጣ ሊለው ይችላል።

ከዚያ ያቺ የርቀት ማጠፊያ ትመጣለች። ቀጥሎ ይህ አለ፦ «አላሁመ አንተ ሷሒቡ ፊ ሰፈር፣ ወልኸሊፈቱ ፊል አህል»። በልጅነቴ አባባ ይህን ሲል ስለ ሰፈራችን የሚለምን ይመስለኝ ነበር። ዐረብኛው ሰፈር የሚለው ጉዞን ነው። አንተ በጉዞ ላይ ባልንጀራ ነህ፣ በቤተሰብም ላይ ተተኪ ነህ ማለት ነው። ሰው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው መሆን የሚችለው። አብሮኝ የተጓዘ ሰው ቤቴን ሊጠብቅልኝ አይችልም፣ ቤቴን የሚጠብቅልኝ ሰው አብሮኝ አይጓዝም። ለሁለቱም የሚበቃው አላህ ብቻ ስለሆነ ዱዓው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይለምነዋል። አባባ ሲታመም ማዶ ያሉት እማሆይ ሌሊት ሌሊት ውኃ ሲያሞቁለት እንደነበር ስትነግሪኝ ይህቺን ቃል ነው ያስታወስኩት። እኔ በመንገዴ ያላልኩትን አላህ እንዲሁ ሰጥቶኝ ነበር።

መጨረሻው መጠበቂያ ነው። ከጉዞ ድካም፣ ከሚያስጨንቅ እይታ፣ በገንዘብና በቤተሰብ ላይ ከክፉ መመለስ በአንተ እጠበቃለሁ ይላል። ክፉ መመለስ ማለት ሰው ደህና ደርሶ ቤቱን ፈርሶ ማግኘቱ ነው። መመለስን የሚናገሩት ሁለቱ ቃላት፣ እዚህ ያለው «ሙንቀለብ» እና በአንቀጹ ያለው «ሙንቀሊቡን»፣ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ያኛው ወደ ጌታ፣ ይኼኛው ወደ ቤት። ሽማግሎቻችንም «ሄዶ ይግባ፣ የቀረነውን አቆይቶ ዓይን ለዓይን ያገናኘን» የሚሉት ይህንኑ ነው።

መንገዱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለች፣ ለወሎ ሰው የተሰጠች ትመስለኛለች። ጃቢር እንደተናገሩት ሶሓባዎች ዳገት ሲወጡ አላሁ አክበር፣ ሲወርዱ ሱብሓነላህ ይሉ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በየጠመዝማዛው ሱብሓነላህ ይበል፤ ከከሚሴና ከሸዋ ሮቢት በኋላ አውቶቡሱ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲያቃስት አላሁ አክበር ይበል። ጮክ ማለት የለበትም። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍም እንደዚሁ።

ሶላቱንም ከከተማው ቤቶች ካለፈ በኋላ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻን ሁለት ሁለት አድርጎ ማሳጠር ይችላል፤ መግሪብና ሱብሒ አይነኩም። ዱባይ ገብቶ ሊኖር ከተቀመጠ በኋላ ግን ሙሉውን ይሰግዳል። አዲስ አበባ በሚያድርበት ቤት ሲገባ «አዑዙ ቢከሊማቲላሂ ታማቲ ሚን ሸሪ ማ ኸለቅ» ይበል፣ ከዚያ ቦታ እስኪነሳ ድረስ የሚጠብቀው ነው። ቢሆንም በሩን ይቆልፍ፣ ፓስፖርቱንም ከደረት ኪሱ አያውጣ። ግመልህን እሰር፣ ከዚያ ተመካ ነው የተባለው።

እማሆይን ጥሪልኝ። በመውጫው ጠዋት ዳዊታቸውን ይዘው ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ የሚለውን ይደግሙለታል፤ መውጣቱንና መግባቱን ይጠብቅ የሚለው እዚያም አለ። አባጋሩ ሲመርቁ እሳቸውም አሚን ብለው ነው የሚሄዱት፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

እማዬ፣ የመንገደኛ ዱዓ አይመለስም፣ ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ዱዓም አይመለስም ተብሏል። ታናሼ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ ለእኔም ይለምንልኝ፣ አንቺም ለሁለታችን። ለእኔ ያላልሽውን ስንብት አሁን ከእሱ ጋር ደርበሽ በይልኝ፤ በስልክ እጅ መያዝ ባይቻልም እሱ እጁ በእጅሽ ሳለ ይደውልልኝ፣ ቃሉን በጆሮዬ ልስማው። ሌሊት አሥር ሰዓት ቢሆንም አልተኛም።

ልጅሽ፣ ከጅዳ