ፋይሉን ማን አጠፋው? የጋራ ድራይቭ መዝገብ የሚነግረንና የማይነግረን

ውድ ደንበኞቻችን፦

ከእናንተ ደጋግሞ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «ፋይላችንን ማን አጠፋው?» የሚለው ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ የጎግል ድራይቭን የእንቅስቃሴ መዝገብ እንዴት እንደምናነብ ለማሳየት ነው። መዝገቡን በችኮላ ያነበበ ሰው ያላጠፋን ሰው ሊወነጅል ይችላል፤ በጥንቃቄ ያነበበው ግን ብዙ ጊዜ ፋይሉን ራሱን ያገኘዋል። «ጠፋ» ከተባሉት ፋይሎች ብዙዎቹ ቦታ የቀየሩ እንጂ የተሰረዙ አይደሉምና።

በመጀመሪያ ሁለት መዝገቦች እንዳሉ ልብ በሉ። አንደኛው ማንኛችሁም ፋይሉን መርጣችሁ በጎን በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ `Activity` በሚለው ስር የምታዩት ነው። ማን እንዳስተካከለ፣ ማን እንዳዛወረ፣ ማን ስም እንደቀየረና ለማን እንደተጋራ ያሳያል፤ ማን ከፍቶ እንዳየ ግን አያሳይም። ሁለተኛው አድሚኑ ብቻ የሚደርስበት ሲሆን በአስተዳደር ገጹ ላይ `Reporting` > `Audit and investigation` > `Drive log events` በሚለው መንገድ ይገኛል። የተከፈተውም፣ የወረደውም፣ የተዛወረውም፣ የተሰረዘውም እዚህ ይመዘገባል። ይህ ሁለተኛው መዝገብ በሁሉም የክፍያ ዓይነቶች ውስጥ ስለማይካተት፣ የእናንተ ይኑረው አይኑረው ከወዲሁ ማወቅ ጥሩ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንከተል። የግዢ ክፍል ባልደረባ ሰኞ ጠዋት «ውሎች» የተባለውን ፎልደር ለመክፈት ትሄዳለች፤ ፎልደሩ በቦታው የለም። በውስጡ የነበረው ዋናው የውል ሰነድም አብሮ ጠፍቷል። ደግነቱ የሰነዱ ሊንክ ከዚህ በፊት በተላከ ኢሜይል ውስጥ አለ። ፍለጋውን በስም አንጀምርም፤ ስም ይቀየራል፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰነዶችም ብዙ ናቸው። የማይቀየረው በሊንኩ ውስጥ ያለው መለያ ነው፦

```
https://docs.google.com/document/d/DOCUMENT_ID/edit
https://drive.google.com/drive/folders/FOLDER_ID
```

የሰነዱን መለያ `Document ID` በሚለው ማጣሪያ ውስጥ አስገብተን ስንፈልግ የሚወጣው `View` እና `Edit` ብቻ ነው። `Trash` የለም፣ `Delete` የለም፣ `Move` እንኳ የለም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ «መዝገቡ ምንም አላገኘም» ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን ሰነዱን ማንም ስላልነካው ነው ያልተገኘው። የተነካው የያዘው ፎልደር ነው። ፎልደር በአንድ ድራይቭ ውስጥ ሲዛወር ድርጊቱ የሚመዘገበው በፎልደሩ መለያ ላይ ነው፤ በውስጡ ባሉት ሰነዶች ስም አብዛኛውን ጊዜ የመዛወር መስመር አይወጣም። ስለዚህ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተን በፎልደሩ መለያ እንፈልጋለን። መለያው በእጃችን ከሌለ ድርጊቱን `Move` ብለን፣ ቀኑን ፎልደሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ጀምሮ አድርገን እናጣራለን።

በዚህ ጊዜ አንድ መስመር ይወጣል፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሂሳብ ክፍል ባልደረባ አካውንት፣ ድርጊቱ `Move`፣ «ውሎች» ወደ «ወርሃዊ ሪፖርት» ገብቷል። ሰውን ለመውቀስ የሚያቻኩለው መስመር ይህ ነው፤ እኛ ግን በዚያው አካውንት ከእሱ በፊትና በኋላ የተመዘገቡትንም እናያለን። ባልደረባው ከማዛወሩ ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሌላ ፋይል ከፍቷል፤ ከዚያም በኋላ ሥራውን በዚያው ፋይል ላይ ቀጥሏል። የተዛወረውን ፎልደር ተመልሶ አልከፈተም፣ አላወረደም፣ ለማንም አላጋራም። ሁለቱ ፎልደሮች በዝርዝሩ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ማውሱ አንዱን ፎልደር ይዞ በሌላው ላይ እንደለቀቀ ነው። ማረጋገጫ አይደለም፤ ባልደረባውን ስናነጋግር ግን «ለምን አጠፋህ?» ከማለት «ዓርብ ዕለት ይህ ፎልደር እዚህ ገብቷል፣ ታስታውሰዋለህ?» ወደማለት ይወስደናል። ፎልደሩን ወደ ቦታው መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሊንኮቹም እንደነበሩ ይሠራሉ።

የተገኘው ድርጊት `Trash` ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የጊዜ ይሆን ነበር። `Trash` ማለት ወደ ቆሻሻ መጣያው ገባ ማለት ነው፤ በዚያ 30 ቀን ይቆይና በራሱ ይወገዳል። `Delete` ማለት ከመጣያውም ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የሚችለው አድሚኑ ብቻ ሲሆን የሚሰጠው ጊዜ 25 ቀን ነው። መዝገቡ ራሱ ግን ለ6 ወር ይቀመጣል። ልዩነቱን አስተውሉ፤ በሦስተኛው ወር የመጣ ጥያቄ ማን እንደሰረዘው በግልጽ የሚናገር መስመር ሊያገኝ ይችላል፣ ፋይሉን ግን በዚህ መንገድ አያገኘውም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሥራው የሚጀምረው ፋይሉን ከመመለስ ነው፤ የማን እጅ እንደነበረበት መመርመር ከዚያ በኋላም ይደረሳል።

የአካውንት ስም ሲነበብም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መዝገቡ የሚያውቀው አካውንትን እንጂ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። ክፍት የተተወ ኮምፒውተር፣ በሁለት ሰዎች እጅ ያለ የይለፍ ቃል፣ ባልደረባው ፈቃድ የሰጠው ሌላ ፕሮግራም፣ ሁሉም በአንድ ስም ይመዘገባሉ። በኮምፒውተሩ ላይ ድራይቩን የጫነ ሰው «ቦታ ልቆጥብ» ብሎ ፎልደሩን ከዚያ ቢሰርዝ፣ ለሁሉም የተሰረዘ ይሆናል፤ መዝገቡ ላይም የእሱ ስም ይወጣል። ይህን በብዙ ቦታ ስላየነው ሠራተኞቻችሁን ብታስታውሱልን ደስ ይለናል። በሌላ በኩል ሰነዱ «ሊንኩ ላለው ሁሉ» ተብሎ የተከፈተ ከሆነና ተመልካቹ በአካውንቱ ካልገባ፣ መዝገቡ ስሙን አይሰጠንም።

`View` ስለሚለውም አንድ ነገር እንበል። ሰነዱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ተነቧል ማለት አይደለም። አንድ አለቃ «ደብዳቤዬን እንዳየኸው መዝገቡ ይናገራል» ብሎ ሠራተኛን እንዲቀጣ ማስረጃ አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። ሰነዱ አንዴ ከወረደ በኋላም በሰውየው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሆነ መዝገቡ አያውቅም።

በጋራ ድራይቭ ላይ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፈቃድ የሰጣችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ይህን አስቡበት። `Contributor` የሆነ ሰው ፋይል መጨመርና ማስተካከል ይችላል፤ ማዛወርና ወደ መጣያ መላክ ግን አይችልም። `Content manager` ሁለቱንም ይችላል። ከመጣያ ጨርሶ ማስወገድ የሚችለው `Manager` ነው። በምሳሌያችን ያለው የሂሳብ ባልደረባ ለዕለት ሥራው የመጀመሪያው ይበቃው ነበር።

ፋይል ሲጠፋባችሁ በዚያው ቀን ጻፉልን። የፋይሉን ወይም የፎልደሩን ሊንክ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳያችሁትና የት እንደነበረ ላኩልን። እስክንመልስላችሁ ድረስ መጣያውን አታጽዱ፤ በጠፋው ስም ሌላ ፎልደር አትክፈቱ፤ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ካለም አትሰርዙት።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል