ስለ ሐሙሱ ጉዳይና «አይሆንም» ስለማለታችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሐሙስ የጸጉር ሳሎናችን ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ «ጸጉሯን አበላሽተው፣ ገንዘቧን በልተው ሸኟት» ተብሏል። የልጅቷን ስም አልጠራም። ግን እኔም የምለው አለኝ።

የእህቷ ኒካህ እሁድ ነበር። ጥቁር ጸጉሯ የማር መልክ ያለው ቡናማ እንዲሆንላት ፈለገች። «ከዚህ በፊት ቀለም ተቀብተሽ ታውቂያለሽ?» አልናት። «ወላሂ ምንም አልነካሁትም» አለች። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ ከሱቅ የሚገዛውን ጥቁር ቀለም ስትቀባ ኖራለች። ጥቁር በጥቁር ላይ ስለሆነ እንደ ቀለም አልቆጠረችውም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ አልፈርድባትም።

ነገሩ ግን ቀለም ቀለምን አያነሳም። የተቀባ ጥቁር ላይ ቡናማ ብትደርቡበት ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማንሳት የሚችለው ብሊች ነው። ብሊች ደግሞ ያልተቀባውን ጸጉር ቶሎ ያነሳል፤ የተደራረበ ቀለም ያለበትን ግን አንዱን ጋ ያነሳል፣ ሌላውን ጋ ይተዋል። ስሩ ላይ የራስ ቅል ሙቀትም ያግዘዋል። የልጅቷም ጸጉር ሲታጠብ ስሩ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ማር መሰለ፣ መሀሉ ብርቱካን ሆነ፣ ጫፉ እንደጠቆረ ቀረ። እውነት ለመናገር አያምርም ነበር።

«አሁኑኑ ድገሙልኝ» አለች። እዚህ ላይ ነው እምቢ ያልኩት።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመሀል አንድ ዘለላ ወስጄ አረጠብኩና ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጤነኛ ጸጉር ትንሽ ይለጠጥና ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የእሷ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ሳይመለስ እጄ ላይ ተበጠሰ። ያንን ጸጉር በዚያው ቀን ሁለተኛ ብሊች ብናስነካው እሁድ ሰርግ ቤት የምትገባው በተቆራረጠ ጸጉር ነበር። ሁሉንም ወደ ጥቁር ቡናማ እናውርደው አልኳት፣ በነጻ። ማጥቆር እንደ ማንጣት አይደለም፤ ቀለምና ብሊች የምንበጠብጥበት ፈሳሽ፣ ኦክሲጅን የምንለው፣ ደካማው ይበቃዋል፣ ጸጉሩንም ብዙ አይጎዳም። ቢያንስ ለእሁድ አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል። አልፈለገችም። ተከፍታ ወጣች።

ከ3,500 ብሩ የእጅ ሥራውን 1,500 መለስኩላት። የቀለሙንና የብሊቹን አልመለስኩም። ይሄ ነው «በሉት» የተባለው። ሐምሌ 2016 ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ቱቦ ቀለም ከእጥፍ በላይ ነው የምገዛው። የተበጠበጠ ቀለም ደግሞ ወደ ቱቦው አይመለስም።

ጥፋታችንን አልደብቅም። ከመጀመራችን በፊት ከኋላዋ ትንሽ ጸጉር ወስደን በብሊች ብንሞክር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እናውቅ ነበር። ወረፋ ስለበዛ አለፍነው። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከእንግዲህ ሳንሞክር ብሊች አንነካም። በተለይ «ጥቁር ሂና» እየተባለ በከረጢት የሚሸጠውን የተቀባችሁ፣ እባካችሁ አትደብቁን። አንዳንዱ ውስጥ የብረት ጨው አለበት። ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ይሞቃል፣ ጸጉር እስከማቃጠል ይደርሳል። ሞክረን ዘለላው ከሞቀ ወይም አረፋ ካወጣ፣ የፈለጋችሁትን ብትከፍሉም አንሠራውም። አትቀየሙን።

ቁርጥ ላይ ነገሩ ይቀላል። ያልተስተካከለ ጎን ካለ በሳምንት ውስጥ ብቅ በሉ፣ በነጻ እናስተካክላለን። «ሁለት ጣት ብቻ» ብላችሁ እኛ አራት ካነሳን ግን የሚደገም ነገር የለም፤ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ልክ እንዳዘዛችሁት ተቆርጦ ቤት ሲደርሱ መልኩ ካስጠላችሁ ግን ገንዘብ አልመልስም። እሱን በግልጽ ልናገር።

አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በአንድ ወንበርና በአንድ ካስክ ነው የጀመርኩት። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሸሽተን ስንመለስ ካስኩም መስታወቱም አልነበረም። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የራሷን መስታወት በነጠላ ጠቅልላ ከቤቷ ይዛ መጣች። እሱን እያየሁ ሠራኋት። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ገንዘብ የምበላ መስሏችሁ ከሆነ በጣም ነው የሚያመኝ።

ለአንቺም፣ ይህን ካነበብሽ፦ አብሽሪ እህቴ። ሦስት ሳምንት ጸጉርሽን አሳርፊው፤ ካውያ አታስነኪው፣ ዘይት አትንፈጊው። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ነይ፣ ወረፋ የለም። መጀመሪያ ዘለላውን አብረን እንስበዋለን። ከተመለሰ ቀለሙም እጁም በእኔ ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ጫፉን አስተካክዬልሽ ቡና ጠጥተሽ ትሄጃለሽ።

የሳሎኑ ባለቤት
ደሴ