የቼዝ ክበብ በ2017፦ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ክፍል 14

ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ዓርብ ከቀኑ 9:30 ተሰብስቧል። የክፍል ለክፍል ውድድሩ ተካሂዷል፣ አዳዲስ ልጆችም ገብተዋል። እኔ ግን በዚህ ዘገባ በደንብ መጻፍ የፈለግሁት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስላደረግነው የቦታ ለውጥ ነው፤ ሌሎች ክበባትም አንድ ቀን ይገጥማቸዋልና።

ቤተ መጻሕፍቱ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ማጥኛ ስለተፈለገ ከዓርብ የካቲት 7 ጀምሮ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረብን። የተሰጠን ከሻይ ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ነው። ችግሩ ከስሙ ጀመረ። ነባር መምህራን “የድሮው ላብራቶሪ” ይሉታል፣ ልጆቹ ደግሞ ላብራቶሪ ሲባል የሚያውቁት አሁን የሚማሩበትን ነው፣ በሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ 14 ብቻ ነው። ስለዚህ በየማስታወቂያው ላይ በሩ ላይ የሚነበበውን አስቀደምን፦ “ክፍል 14፣ ከሻይ ቤቱ በላይ”። “አንደኛ ፎቅ” የሚለውን ሆን ብለን ተውነው። አንዳንዱ ምድር ቤቱን አንደኛ ብሎ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ደረጃ ከወጣ በኋላ ነው አንድ የሚለው። “ደረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ ውጡ” ሲባል ግን ማንም አይሳሳትም።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ተነገረ፣ ሚኒ ሚዲያም ደገመው። ይሁን እንጂ ሰልፍ የሚደርሰው ያን ቀን ለተገኘ፣ ያውም ለሰማ ልጅ ነው። ያመመው፣ ያረፈደው፣ ከኋላ ቆሞ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ዓርብ ሲደርስ እግሩ በለመደበት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ሌሎች ልጆች በጸጥታ ሲያጠኑ ያገኛል። “ቦታ ተቀይሮ ይሆናል” ብሎ አያስብም፤ ክበቡ ቀርቷል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግቢው በር ላይ አግኝቶኝ “ቲቸር፣ ቼዝ ቀረ አይደል?” አለኝ። ቦርሳውን አዝሎ እየወጣ ነበር።

ለዚህ ነው ከሁሉም ማስታወቂያ በላይ የሚሠራው የድሮው በር ላይ የሚለጠፈው ነው የምለው። እኛም ጽሑፉን በዚያው ሰዓት ቀየርነው። “የቦታ ለውጥ” የሚለው ርዕስ ወረደና እንዲህ ሆነ፦

“ቼዝ አልቀረም! ቀንና ሰዓቱም ያው ነው፤ ዓርብ 9:30። ጀርባችሁን ለዚህ በር ሰጥታችሁ ቁሙ። የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ አልፋችሁ እስከ ሻይ ቤቱ ሂዱ። ከጎኑ ያለውን ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ውጡ። ክፍል 14፣ ሰማያዊ በር።”

መንገዱ የሚጀምረው አንባቢው ከቆመበት ነው። ለወላጆች የላክነው ግን ከዋናው በር የሚነሳ ሌላ ጽሑፍ ነበር፣ ምክንያቱም እነሱ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አያልፉም። ቀስት ደግሞ ደረጃው ሥር ብቻ ለጠፍን። ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ሜዳ ላይ ከተለጠፈ “ቀጥል” ይሁን “ውጣ” አይታወቅም። ወረቀቱን ከመስታወቱ ውስጥ በኩል አደረግነው፤ ውጭ የተለጠፈውን ዝናብና ንፋስ አያቆየውም።

ቴሌግራም ላይም አንድ ነገር ታየ። አዲሱን መልእክት ፒን አደረግን፣ ሆኖም “ቤተ መጻሕፍት 9:30” የሚለው የመስከረሙ መልእክት እንደተሰካ ነበርና ወደ ታች እየነካ የሚያነበው ሰው ሁለቱንም ያገኛል። የድሮው ከፒን ወረደ፣ ጽሑፉም ጠፋ። ፎርዋርድ ተደርጎ ሌላ ግሩፕ የገባው ቅጂ ግን እኛ ጋ ስለተስተካከለ አይስተካከልም። ስለዚህ የየክፍሉ አለቆች በየክፍላቸው ግሩፕ አዲሱን እንዲልኩት ጠየቅናቸው፣ ላኩትም።

የጥበቃውን ጋሼና ቤተ መጻሕፍቷን የሚያጸዱትን እትዬንም አልረሳናቸውም። የጠፋው ልጅ ቀድሞ የሚጠይቀው እነሱን ነው። “14 ቁጥር፣ ከሻይ ቤቱ በላይ” የምትለዋን ብቻ ነገርናቸው፣ እነሱም ቃሏን ሳይቀይሩ ለጠየቀ ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ሁሉም ሰው ለመደው ብለን ወረቀቱን ቶሎ አላነሳነውም። በየሳምንቱ የማይመጡ አባላት አሉን፤ አንዷ በመጋቢት መጨረሻ ስትመለስ ያገኘችን በዚያው ወረቀት ነው።

በ2018ም ክፍል 14 ነን። አዲስ ተማሪዎች “ቼዝ ቤተ መጻሕፍት ነው” የሚል ከታላላቆቻቸው ሊሰሙ ስለሚችሉ፣ የበሩ ማስታወቂያ እስከ ኅዳር አይነሳም።