ስለ ሰንበት ላነሳሽው ጥያቄ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል «ትእዛዙ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዉ ለምን በየፊናው ያከብረዋል?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልመሰለኝ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ዘጸአት 20ን እና ዘዳግም 5ን ጎን ለጎን ገልጠሽ አንብቢ። ዘጸአት ምክንያቱን ከፍጥረት ያመጣዋል፤ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሁሉን ሠርቶ በሰባተኛው ዐረፈ ይላል። ዘዳግም እዚያ ቦታ ላይ ፍጥረትን አያነሳም። በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ነው የሚለው። ሎሌው፣ ገረዲቱና መጻተኛው በሁለቱም ውስጥ አሉ። ዘዳግም በሬና አህያን በስም ይጠራና «ሎሌህና ገረድህም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» የሚል ይጨምራል። ለእኔ የትእዛዙ ልብ እዚህ ጋ ነው። ሰው እያሠሩ ማረፍ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። ማን እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። የትኛው ሥራ እንደተከለከለ ግን አልተዘረዘረም፤ «ምንም ሥራ አትሥሩ» ብሎ ያልፋል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እሳትን እንይ። ዘጸአት 35፥3 በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። የአይሁድ ረቢዎች ይህን ሲያነቡ የተከለከለው ማንደዱ ነው አሉ። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ይለኮሳል፣ ሌሊቱን ቢበራ ችግር የለውም። የረቢዎቹን ትርጓሜ ትተው የጽሑፉን ቃል ብቻ እንከተላለን ያሉት ቀራያውያን የሚባሉት አይሁድ ደግሞ እሳቱ ራሱ ቤት ውስጥ መኖር የለበትም ብለው ለብዙ ዘመን ዓርብ ማታን በጨለማ ያሳልፉ ነበር። ቤተ እስራኤልም ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው ቀድሞ የተዘጋጀውን ምግብ ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። ጥቅሷ አንዲት፣ ማታው ግን ሁለት ዓይነት!

ረቢዎቹ ለቀረው ሥራም መለኪያ አበጁ። በኦሪት የሰንበት ትእዛዝና የማደሪያው ድንኳን ሥራ ተያይዘው ስለሚመጡ፣ ድንኳኑን ለመሥራት ያስፈለገው የሥራ ዓይነት ሁሉ በሰንበት ይቅር አሉ። የረቢዎቹ ጥንታዊ የሕግ ስብስብ ሚሽና 39 ዓይነት ሥራ ይቆጥራል፤ ማረስ፣ መጋገር፣ መጻፍ፣ እሳት ማንደድና ማጥፋት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ መለኪያው ድካም አይደለም። ክብሪት መጫር ማንንም አያደክምም፣ ግን ክልክል ነው።

ይህ መለኪያ ዛሬ ፍሪጅ በር ላይ ይፈተናል። በሩን ስትከፍቺ አምፖሉ ይበራል። የድሮው አምፖል ውስጡ ያለው ሽቦ ግሎ ስለሚያበራ ብዙዎቹ ረቢዎች እንደ እሳት ቆጠሩት። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ዓርብ ሳይመሽ አምፖሉን ነቅሎ ማስቀመጥ። የቤቱን መብራት ደግሞ አስቀድሞ በሰዓት መቆጣጠሪያ ይሞሉታል፣ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ኤልኢዲ መብራት ሲመጣ የሚግል ሽቦ ስለሌለው ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ። አንቺ ይህን ስታነቢ ትስቂ ይሆናል። እኔ ግን ሕጉን የምር መያዛቸው ነው የሚታየኝ።

አብዛኛው የክርስትና ዓለም ደግሞ በትንሣኤው ምክንያት እሑድን ያዘ። ቆስጠንጢኖስ በ321 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር እሑድ ዳኞችና የከተማ ሰዎች እንዲያርፉ ሲያዝ ገበሬውን ግን አርስ ብሎ ለቀቀው። በሬና አህያ የሚለውን ዘዳግም ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል። አድቬንቲስቶች ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ ያከብራሉ። የእኛዋ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዳሜንም እሑድንም ይዛለች፤ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸናው ይኸው ነው።

የሆስፒታል ተረኝነትሽን በተመለከተ ግን አትጨነቂ። በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ የሕመምተኛው አደጋ አጠራጣሪ ቢሆን እንኳ። ክርስቲያኑም ኢየሱስ በሰንበት መፈወሱን ይጠቅሳል። አድቬንቲስቶችም በሽተኛ ይታከም፣ ሊቆይ የሚችለው ይቆይ ይላሉ። አንቺም እንደዚያው መለየት ትችያለሽ። ቁስል ማጠብና መድኃኒት መስጠት አይቆይም። የሳምንቱን ሪፖርት መሙላት ግን ለሰኞ ይደርሳል። ተረኝነቱንም ሁሌ ለአንዷ ጓደኛሽ እንዳታሸክሚያት፤ እሷም እንዳንቺው ማረፍ አለባት።

እናትሽ