የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጂኦግራፊ 80፣ ፊዚክስ 62

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። የእንቆቅልሽ ውድድር አካሂደናል። የ9ኛ ክፍል ልጆችን ከፈተና በፊት አስጠንተናል። በሚኒ ሚዲያም ጥያቄ አቅርበናል። እነዚህን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቋቸው አልደግማቸውም። የምጽፈው ሁለተኛውን ሴሚስተር ሙሉ ስላከራከረን ጉዳይ ነው።

ጉዳዩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። 11ኛ ክፍል ስትገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማህበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ አለባት። «ቲቸር፣ ጂኦግራፊ 80፣ ፊዚክስ 62 ነው ያመጣሁት። እንግዲህ የምሻለው በጂኦግራፊ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። መልሱን ለክበቡ ተውኩት። አብረዋት የሚያጠኑ ልጆችም ፈቅደው ማርካቸውን ሰጡን። ከእሷ ጋር ስምንት ሆኑ። ስሙን አውጥተን ቁጥሩን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፍነው።

ፊዚክስ፦ 32፣ 44፣ 44፣ 44፣ 50፣ 50፣ 62፣ 74።
ጂኦግራፊ፦ 68፣ 68፣ 68፣ 72፣ 72፣ 72፣ 76፣ 80።

የፊዚክሱ አማካይ 50፣ የጂኦግራፊው 72 ነው። ይሄን ያየ አንድ ልጅ ወዲያው ተነሳ። «ፈተናዎቹ እኩል አልከበዱም። ፊዚክስ ላይ ከአማካዩ 12 ትበልጣለች፤ ጂኦግራፊ ላይ ግን 8 ብቻ። ስለዚህ የምትሻለው በፊዚክስ ነው» አለ። አብዛኛው ክበብ ተስማማ። አማካዩን መቀነሱ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ግን ሥራው እዚያ ላይ አላለቀም።

ለምን እንዳላለቀ ለማየት ሁለቱን መስመሮች እንደገና ተመልከቱ። ፊዚክሱ ከ32 እስከ 74 ተበትኗል። ጂኦግራፊው ከ68 እስከ 80 ባለች ጠባብ ቦታ ታጭቋል። በተበተነ ውጤት ውስጥ 12 ማርክ መብለጥ ብዙ አይደለም። በታጨቀ ውጤት ውስጥ ግን 8 ማርክ ትልቅ ርቀት ነው። ለልጆቹ በሙቀት ነው ያስረዳኋቸው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀኑ 25 ዲግሪ ቢሆን ማንም አያነሳውም፤ እኛ ደብረ ብርሃን ላይ 25 ከገባ ግን ሰው ሁሉ ስለ ሙቀቱ ያወራል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚለየው በየቦታው የተለመደው ነው።

መበታተኑን የምንለካው በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። አሠራሩ አይከብድም። እያንዳንዱ ማርክ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ እንጽፋለን። ርቀቱን በራሱ እናባዛለን፤ ሁሉንም እንደምራለን፤ በተማሪው ብዛት እናካፍላለን፤ መጨረሻ ላይ ካሬ ሩት እናወጣለን። የፊዚክሱ ድምር 1152 መጣ። ለ8 ሲካፈል 144፣ ካሬ ሩቱ 12። የጂኦግራፊው ድምር 128 ብቻ ነው። ለ8 ሲካፈል 16፣ ካሬ ሩቱ 4።

ዜድ-ስኮር የሚባለው እንግዲህ አማካዩን ቀንሶ በዚህ ቁጥር ማካፈል ነው። ፊዚክስ፦ 62 ሲቀነስ 50፣ ሲካፈል ለ12፣ 1 ይሆናል። ጂኦግራፊ፦ 80 ሲቀነስ 72፣ ሲካፈል ለ4፣ 2 ይሆናል። በሁለቱም ከአማካዩ በላይ ናት፤ ከጓደኞቿ የበለጠ ርቃ የወጣችው ግን በጂኦግራፊ ነው። የመጀመሪያ ግምቷ ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን 80 ከ62 ስለሚበልጥ አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ከቡድኑ ሌላው ልጅ ነው። እሱ ጂኦግራፊ 76፣ ፊዚክስ 74 አለው። በማርክ ጂኦግራፊው ይበልጣል። በዜድ-ስኮር ግን ጂኦግራፊው 1፣ ፊዚክሱ 2 ነው። ተገለበጠ!

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ሠራነው። ፊዚክሱ ከB2 እስከ B9 ከተጻፈ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=(B2-AVERAGE(B$2:B$9))/STDEV.P(B$2:B$9)
```

የዶላር ምልክቷን የረሱ ልጆች ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱት የሚሰላው ክልል አብሮ ወረደ፤ የታችኞቹ ልጆች ውጤትም ተበላሸ። ይህን መያዣ መንገድ አለ፦ የቡድኑ ዜድ-ስኮሮች ሲደመሩ ዜሮ መምጣት አለባቸው። ካልመጣ አንድ ቦታ ስህተት አለ። STDEV.P ያልነው ደግሞ የምናወዳድራቸው ልጆች እነዚህ ስምንቱ ብቻ ስለሆኑ ነው። STDEV.S በ8 ፈንታ ለ7 ያካፍልና ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የምፈልግበት ግን የሚከተለው ነው። ቡድኑ ዘጠነኛ አባል ነበረው፤ ታሞ አልተፈተነም። አንድ ልጅ ባዶውን ቦታ በ0 ሞላው። ሮስተር ላይ እንዲህ ሲደረግ ስለምናይ ማንም ልብ አላለውም። የጂኦግራፊው አማካይ ከ72 ወደ 64 ወረደ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከ4 ወደ 23 ገደማ ዘለለ። የዚያች ልጅ ዜድ-ስኮርም ከ2 ወደ 0.7 ተንሸራተተ፤ እሷ አንድም ማርክ ሳይቀነስባት! ድምሩ ዜሮ ስለሚመጣ የቅድሙ መያዣ ይሄን አይዝልንም። የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው፦ 68 ያመጡትን ጨምሮ የተፈተኑት ስምንቱም ከአማካይ በላይ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ዜሮውን ፈልጉ። ያልተፈተነ ልጅ ቦታ ባዶ ይተው፤ ኤክሴል አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ባዶውን ዘሎ ያሰላል፤ የዜድ-ስኮሩን ቀመር ግን ባዶው ረድፍ ላይ አትጻፉት፣ ባዶውን እንደ 0 ይቆጥረዋል። ዜሮ ግን ማርክ ነው።

ልጅቷ ዜድ-ስኮሯን ይዛ ወደ ጥያቄዋ ስትመለስ፣ የነገርኳት ሌላ ነገርም አለ። ዜድ-ስኮር የሚናገረው በእነዚህ ስምንት ልጆች መካከል የት እንዳለሽ ነው። ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር ብትሰለፊ ቁጥሩ ይለወጣል። ትምህርቱን ምን ያህል እንደምታውቂውም አይነግርሽም። ክፍሉ ሁሉ ፊዚክስ ቢወድቅ፣ ከወደቁት የተሻለችውም ከፍ ያለ ዜድ-ስኮር ታገኛለች። ፈተናው በጣም ቀሎ ሁሉም ወደ 100 ከተጠጋም፣ ጎበዟ ከዚያ በላይ መውጫ የላትም፤ ልዩነቷ አይታይም። ስለዚህ ዘርፉን ስትመርጪ ማርኩንም፣ ዜድ-ስኮሩንም፣ ልብሽ የሚያዘነብልበትንም አንድ ላይ እዪ አልኳት።

ልጆቹ በራሳቸው የደረሱበት ግኝት ግን እኔንም አስደስቶኛል። የሁለቱን ልጆች ሁለት ትምህርት ደመሩ። እሷ 142፣ እሱ 150። በደረጃ እሱ ይቀድማል። ዜድ-ስኮራቸው ሲደመር ግን ሁለቱም 3 ናቸው። ይህ የሆነው ፊዚክስ ሰፋ ብሎ ስለተበተነ ነው። እዚያ ከአማካዩ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን መራቅ 12 ማርክ ያስገኛል፤ ጂኦግራፊ ላይ ግን 4 ብቻ። ማርክ ደምረን ደረጃ ስናወጣ፣ ማንም ሳይወስን ፊዚክስ ከጂኦግራፊ በላይ ይመዝናል። አባሎቻችን ይህን ለመምህራን ስብሰባ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው አቅርበዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቀድነው የ10ኛ ክፍልን ሙሉ ሮስተር ስም አውጥተን በየትምህርቱ ማስላት ነው። ልጆች ዘርፋቸውን ከመምረጣቸው በፊት፣ ማየት የሚፈልግ ሁሉ የራሱን ቁጥር በግሉ ያገኛል። ያልተፈተኑትን ባዶ መሆናቸውን የሚያጣሩ ሁለት አባላት ከአሁኑ ተመድበዋል።